ቤቱን የሚያየው ሌላ፣ የሚከፍለው ሌላ
(ለአፓርታማ የጉብኝት ቀን ማስታወቂያ የተጻፈ ምክር)

ልጄ፣ ቧንቧ ውሃ ላይ የቆመው አዲሱ አፓርታማ ለገዢዎች በሩን የሚከፍትበትን ቀን እንድታስተዋውቂ ኃላፊነቱ ለአንቺ ተሰጥቷል አሉኝ። ዕድሜዬን በማተሚያ ቤትና በማስታወቂያ ሥራ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና የማውቀውን በቁጥር ከፋፍዬ እጽፍልሻለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልብ በይ። በደሴና በኮምቦልቻ ብዙ ጊዜ ቤቱን የሚያየውና ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ሰው አይደለም። እናት፣ ወንድም ወይም አጎት እዚህ ሆኖ ያያል፤ ልጅ ጂዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ሆና ትከፍላለች። በራሪው ወረቀት እዚህ ላለው ነው፤ ስልክ ላይ የምትለቂው ምስል እዚያ ላለችው ነው። የጉብኝቱ ቀን ሁለቱ ስለ አንድ ቤት የሚነጋገሩበት ቀን ነው። ከዚህ በታች የምልሽ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

1. ከማስታወቂያው በፊት አንድ ገጽ ጻፊ

ዲዛይን የሚሠራውን ልጅ ከመጥራትሽ በፊት የሕንጻውን መረጃ በአንድ ገጽ አስፍሪ። ወረቀቱም፣ ቪዲዮውም፣ በዕለቱ አስጎብኚው የሚናገረውም ከዚያ ገጽ ብቻ ይቀዳ። ይህን የምልሽ እናት ከወረቀቱ ላይ 95 ካሬ የሚል አንብባ፣ ልጇ ከቴሌግራም 110 ካሬ የሚል ካየች፣ ማታ በስልክ ሲያወሩ ሽያጩ እዚያው ስለሚቆም ነው። ልዩነቱ የማንም ተንኮል ላይሆን ይችላል። አንዱ የቤቱን የውስጥ ስፋት ጽፎ ይሆናል፣ ሌላው ከኮሪደርና ከደረጃ የሚደርሰውን ድርሻ ደምሮበት ይሆናል። ስለዚህ ሁለቱንም ለይተሽ ጻፊ፤ የውስጥ ስፋቱ ይህን ያህል፣ የጋራው ድርሻ ይህን ያህል በይ።

በገጹ ላይ የቤቶቹ ቁጥርና ዓይነት፣ ዋጋውና የአከፋፈሉ ደረጃዎች፣ የይዞታ ማረጋገጫው ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ ያለቀውና ያላለቀው ሥራ፣ የሚረከቡበት ቀን ይኑር። የጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚገዛው ሰው በራሱ ቤት ላይ ብቻ ሳይሆን በጋራ መገልገያዎቹም ላይ ድርሻና ግዴታ እንዳለው ስለሚደነግግ፣ የጥበቃው፣ የጽዳቱና የሊፍቱ ወጪ እንዴት እንደሚከፈል ከአሁኑ ለይተሽ ያዢ። አዛውንት ጎብኚ ይህንን ሳይጠይቅ አይሄድም።

ውሃን በተለይ አትርሺ። የሰፈሩ ስም ቧንቧ ውሃ ቢሆንም ደሴ ላይ ቤት የሚገዛ ሰው ውሃ በፈረቃ መሆኑን ያውቃል። የታንከሩን መጠን በሊትር፣ የፓምፑን መኖር፣ መብራት ሲጠፋ ሊፍቱንና ፓምፑን የሚያስነሣ ጄኔሬተር ካለ እሱን ጻፊ። ከሌለ «የለም» ብለሽ ጻፊ። አዲስ አበባ ውስጥ አክሰስ ሪል እስቴት ከብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ቤቱን ሳያስረክብ ዓመታት ካለፉ ወዲህ፣ የአገራችን ቤት ገዢ ውብ ሥዕልን በጥርጣሬ ነው የሚያየው። የማስታወቂያ አዋጁ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክል ነው። የቦታው ባለቤትም፣ መሐንዲሱም፣ የሽያጭ ኃላፊውም ገጹን አንብበው ይፈርሙበት። ያልተፈረመበትን ቁጥር አታሳትሚ።

2. ስንት ሰው ማስተናገድ እንደምትችይ አስዪ

ብዙ ሰው «ስንት ወረቀት እናሳትም?» ብሎ ይጀምራል። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ሕንጻው በአንድ ቀን ስንት ቤተሰብ በክብር ሊያስተናግድ እንደሚችል ነው።

ሕንጻው ጂ+5 ነው እንበል፤ ምድር ቤቱ ሱቅ፣ ከላይ በየፎቁ አራት፣ በድምሩ 20 መኖሪያ ቤት። አንድ ባለሁለት መኝታና አንድ ባለሦስት መኝታ ለማሳያ ተዘጋጅተዋል። አንድ ጉብኝት ከመግቢያው እስከ ጣሪያው ታንከር ድረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አስጎብኚዎችሽ ሁለት ናቸው፤ አንዱ በአንድ ዙር ከሦስት ቤተሰብ በላይ ይዞ ከወጣ ኋላ ያለው አይሰማም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከፍተሽ ለምሳና ለዙህር ሶላት አንድ ሰዓት ብታነሺ አምስት ሰዓት ይቀርሻል። ያ ማለት ለአንድ አስጎብኚ አሥር ዙር፣ ለሁለቱ ሃያ ዙር፣ በድምሩ 60 ቤተሰብ ነው። ሰው ግን እኩል ተከፋፍሎ አይመጣም፤ አብዛኛው ከ5 እስከ 6 ሰዓት ባለው ይከማቻል። ስለዚህ 45 ቤተሰብ ብለሽ አቅጂ።

ከዚያ ወደ ወረቀቱ ተመለሺ። ከተሰጡት ሠላሳ ወረቀቶች አንዱ አንድ ቤተሰብ ያመጣል ብለሽ ብትገምቺ 900 ወረቀት 30 ቤተሰብ ይሆናል፤ የቀሩት 15 ከስልክ ይመጣሉ። እንግዲህ 1000 ወረቀት ይበቃሻል። አንድ ለሠላሳ ያልኩት ለመነሻ የያዝነው ግምት ብቻ ነው። የራስሽን ቁጥር የምታገኚው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ነው፤ እንዴት እንደምትቆጥሪው በኋላ እነግርሻለሁ። አምስት ሺህ ወረቀት አሳትሞ ሁለት መቶ ሰው ደረጃ ላይ ማቆም ግን ቤቱን ያስጠላል። ሊፍት ፊት አንድ ሰዓት የቆመች እናት ማታ ለልጇ የምትነግራት ስለ ሰልፉ ነው።

3. ቀኑና ሰዓቱ

ሰኞ የገበያ ቀን ነው፤ ከተማው ይጨናነቃል፣ ነጋዴውም ሱቁን ትቶ አይመጣም። ዓርብ ጁምዓ አለ። እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቅሬ ስብሰባ፣ ለቅሶና ሠርግ ይደራረባል። ቅዳሜ ይሻልሻል፤ ሌላም ጥቅም አለው፦ በሳዑዲ የሳምንቱ እረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ እዚያ ቢሮና ሱቅ የሚሠሩ ወገኖች ስልክ የማንሣት ዕድላቸው ሰፊ ነው።

ለምሳሌ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2018ን ውሰጂ። ጥምቀት አልፏል፤ ለገና የመጡት አንዳንዶቹ ገና አልተመለሱም። ዐቢይ ጾምና ረመዳን በዚያ ዓመት ሁለቱም በየካቲት አንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚገቡ፣ ወደ የካቲት አጋማሽ ብትገፊው ሰው ከቀትር በኋላ ደክሞ ለኢፍጣር ሊሰናዳ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ታገኚዋለሽ። ክረምቱን ደግሞ ጨርሶ ተይው። በጉም ውስጥ ጦሳ አይታይም፣ ጭቃውም ከጎብኚው ጫማ ወደ አዲሱ ሴራሚክ ይሄዳል።

የኮምቦልቻ ሰው ወደ 25 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዳገት ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሚኒባስ እስኪሞላም ይጠብቃል። በ2 ሰዓት መክፈት እሱን አይጠቅመውም፤ 4 ሰዓት ጥሩ ነው።

በወረቀቱ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ብቻ ይበቃል። ስልክ ላይ በሚለቀቀው ላይ ግን ሁለቱንም አቆጣጠር አድርጊ፦ ጥር 16 ቀን 2018፣ ማለትም በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 24 ቀን 2026። ሰዓቱንም እንዲሁ። ሳዑዲ ከእኛ ጋር በአንድ ሰዓት ላይ ናት፤ ነገር ግን እዚያ ያለችው ልጅ ስልኳ 10፡00 ሲላት እኛ 4 ሰዓት ነው የምንለው። «ከ4 ሰዓት ጀምሮ» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ከቀትር በኋላ ነው ብላ የምትጠብቅ አትጠፋም። ዱባይ በአንድ ሰዓት ይቀድመናል። ዋሽንግተን በጥር ወር በስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚቀር፣ የጠዋቱ ጉብኝት እዚያ ሌሊት ነው፤ አሜሪካ ዘመድ ላላቸው ቤተሰቦች ከ9 ሰዓት በኋላ ያሉትን ዙሮች ያዢላቸው።

4. በራሪው ወረቀት

አንዳንድ ወጣት «ዛሬ ወረቀት ማን ያነባል?» ይላል። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አንቺም ታስታውሻለሽ። ያኔ ሥራውን ሁሉ ስልክ ላይ የጣለ ሰው ደንበኛውን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረውም። ወረቀት ኔትወርክ አይጠይቅም። ከዚያም በላይ ቤቱን የሚያዩት አባትና እናት ወረቀት እጃቸው ላይ ሲገባ አጥፈው ኪሳቸው ያኖሩታል፣ ለጎረቤት ያሳዩታል፣ ለልጃቸው ፎቶ አንሥተው ይልኩታል። ይህ የመጨረሻው ነገር ዲዛይኑን ይወስናል፤ ወረቀቱ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ፣ ተጨምቆ ተልኮ እንኳን መነበብ አለበት። ስለዚህ የቀኑ፣ የቦታውና የስልኩ ፊደል ትልቅ ይሁን፤ ጥቁር ፊደል በነጭ መደብ ላይ፤ በፎቶ ላይ የተጫነ ቀጭን ነጭ ጽሑፍ አይሁን።

መጠኑ ኤ5 ይበቃል፤ የኤ4 ግማሽ ነው። በሁለት ገጽ ይታተም። ፊት ለፊቱ ላይ የሕንጻው እውነተኛ ፎቶ፣ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና ሁለት ስልክ ቁጥር፤ ጀርባው ላይ የአንድ ቤት ወለል ፕላን ከነስፋቱ፣ የመነሻ ዋጋው፣ የውሃውና የመብራቱ ነገር። ኮምፒውተር የሠራው የሦስት አቅጣጫ ሥዕል የግድ ካስገባሽ ሥሩ ላይ «የዲዛይን ሥዕል» ብለሽ ጻፊ። አድራሻው በምልክት ይነገር፤ የመንገድ ስም ጽፈሽ የሚያውቀው የለም። ረቂቁን ለአንድ የባጃጅ ሹፌር አንብቢለትና «ወዴት ትወስደኛለህ?» በይው። ሳያመነታ ከተናገረ አድራሻሽ ትክክል ነው።

ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄጂ ሦስት ነገር ይበላሻል። አንደኛው የግዕዝ ፊደል ነው፤ ባንቺ ኮምፒውተር ላይ ያለው ፎንት እነሱ ጋ ከሌለ ፊደሉ ወደ አራት ማዕዘንና ወደ ሌላ ምልክት ይለወጣል። ጽሑፉን ከርቭ አስደርገሽ በፒዲኤፍ ስጪ። ሁለተኛው ቀለሙ ነው፤ ስክሪን ላይ የሚያበራው ሰማያዊ ወረቀት ላይ ሲወርድ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ፋይሉ ለኅትመት በሚሆነው የአራት ቀለም ስሌት ይዘጋጅ። ሦስተኛው መቁረጫው ነው፤ ምስሉ ከወረቀቱ ጠርዝ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ካላለፈ ቢላው ሲንሸራተት ነጭ መስመር ይታያል፤ ስልክ ቁጥርም ከጠርዙ አጠገብ ከሆነ ይቆረጣል።

ለ1000 ቅጂ የዲጂታልንም የኦፍሴትንም ዋጋ ጠይቂ። ጥቂት መቶ ሲሆን ዲጂታል ይረክሳል፤ ብዛቱ ሲጨምር የኦፍሴቱ የፕሌት ወጪ ስለሚከፋፈል እሱ ይረክሳል። አንድ ሺህ መካከል ላይ ያለ ቁጥር ነውና ሳይጠየቅ አይታወቅም። በየትኛውም ይሁን ፕሩፉን ሳታዪ አታስጀምሪ። ፕሩፉ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር በዓይን አንብበሽ አትለፊ፤ ከወረቀቱ እያየሽ ደውዪና የሚያነሣው ማን እንደሆነ ስሚ። የኪውአር ኮድ ካስገባሽ ከ2 ሴንቲ ሜትር አያንስ፣ ዙሪያውም ነጭ ይሁን፤ ርካሽ ካሜራ ባለው ስልክም ሞክሪው።

አሁን ለቆጠራው የሚሆነውን ነገር ልንገርሽ። ወረቀቱ ከታተመ በኋላ በተለያየ የማኅተም ቀለም ጥግ ጥጉን ምልክት አድርጊበት፤ ለደሴ ሱቆች ሰማያዊ፣ ለኮምቦልቻ ቀይ፣ በቅሬ ለሚከፋፈለው አረንጓዴ። ማተሚያ ቤት ለየቦታው ልዩ ምልክት እንዲያወጣ ብትጠይቂ በኦፍሴት ሌላ ፕሌት ይሆንብሻል፤ ማኅተም ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ወረቀቱ ላይ «ይህን ይዘው ይምጡ፤ የቤቱን ፕላን በትልቁ እንሰጥዎታለን» የሚል አስገቢ። ሰው ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው ምክንያት ሲኖረው ነው።

ሥርጭቱን በመንገድ ላይ ለሚያልፍ ሁሉ በማደል አትጨርሺው። በወሎ ትልቁ መንገድ ቅሬ ነው። የቅሬውን ዳኛ አስፈቅደሽ ስብሰባው ሲያበቃ፣ ጉዳዩ ካለቀ በኋላ፣ ወረቀቱን በእጅ ስጪ። ለቅሶ ላይ ፈጽሞ አይሆንም። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን በር ላይም አትቁሚ፤ ከሶላትና ከቅዳሴ የሚወጣ ሰው ስለ ካሬ ሜትር አይጠየቅም። ከውጭ የተላከ ገንዘብ የሚቀበሉ ሰዎች የሚሄዱባቸው የባንክ ቅርንጫፎች በሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡልሻል። ኮምቦልቻ ላይ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ በፈረቃ መውጫ ማደል ብዙ ወረቀት ይጨርሳል፣ ግን የሠራተኞቹ ደመወዝ አፓርታማ አይገዛም። ይልቅ ወደ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ወዳሉ የጭነት ባለንብረቶች፣ ወደ ነጋዴዎችና ወደ ፋብሪካ መሐንዲሶች ሂጂ። ግድግዳና የመብራት ምሰሶ ላይ አታስለጥፊ፤ ባነር መስቀል ካስፈለገም ከማዘጋጃ ቤቱ ፈቃድ ውሰጂ።

5. ስልክ ላይ የሚለቀቀው

እዚያ ያለችው ልጅ የምትጠይቀው «ቤቱ አለ ወይ?» ብላ ነው። በሙዚቃና በፈጣን ቅንብር የተሞላ ቪዲዮ ይህን ጥያቄ አይመልስላትም። ስለዚህ ዋናውን ቪዲዮ ሳትቆራርጪ በአንድ ጉዞ ቅረጪ። ከአስፋልቱ ጀምሪ፣ ሰፈሩን የሚያውቅ ሁሉ የሚለየው ነገር ይታይ፤ በሩን ግቢ፣ ደረጃውን ውጪ፣ ቤቱን ክፈቺ፣ ቧንቧውን ክፈቺና ውሃው ሲወርድ አሳዪ፣ መብራቱን አብሪ፣ መስኮቱን ከፍተሽ ጦሳን አሳዪ። ያላለቀ ሥራ ካለ ካሜራውን አታዙሪበት፤ «ይህ ቀለም ይቀረዋል» በይ። አምስት ደቂቃ ያህል ይሆናል። እሱ በቴሌግራም ቻናልሽ ላይ ይቀመጥ። ከእሱ ውስጥ አንድ ደቂቃ ያህሉን ለቲክቶክና ለፌስቡክ ቆርጠሽ አውጪ፤ መጀመሪያው ላይ «ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ» የሚለው በትልቁ ይጻፍ፣ አገሯን የናፈቀች ልጅ እጇን የምታቆመው እዚያ ላይ ነውና። ለኢሞና ለዋትስአፕ ደግሞ ቅልል ያለ፣ ዳታ የማይበላ አንድ ፎቶና የቀኑን ጽሑፍ አዘጋጂ፤ ከዘመድ ወደ ዘመድ የሚተላለፈው እሱ ነው።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ልማድ ተዪው። ዋጋ የተደበቀበት ቤት ለጥያቄ መቶ ሰው ያመጣል፣ መልስ ስትሰጪ ውለሽ የምትሸጪው የለም። የመነሻውን ዋጋ ጻፊ፤ ፎቁና አቅጣጫው ዋጋውን ከቀየሩት «ከዚህ እስከዚህ» በይ። አቅሙ የማይደርስ ሰው ሳይደክም ይቀራል፤ አቅሙ የሚደርስ ደግሞ ጊዜሽን ያገኛል።

በክፍያ የሚሠራውን የፌስቡክ ማስታወቂያ በተመለከተ፣ አገርንና ቋንቋን መምረጥ ይቻላል፤ ሳዑዲ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ጋ ማድረስ ትችያለሽ። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ በወኪል በኩል ይሄዳል። በወኪል ከሄድሽ ለስንት ቀን፣ ለየትኛው አገር፣ በስንት ገንዘብ እንደሆነ በጽሑፍ ያዢ፣ ውጤቱንም ከገጹ ላይ በዓይንሽ እዪ።

አንድ አደጋ አለ፣ በተለይ እዚህ ላይ ዓይንሽን ክፈቺ። ፎቶሽ በተለቀቀ በማግሥቱ ያንኑ ፎቶ ወስዶ ሌላ ገጽ የሚከፍትና «ቀብድ በዚህ ቁጥር ላኩ» የሚል ይኖራል። ተጎጂዋ እዚህ መጥታ ማየት የማትችለዋ ናት። በየልጥፉ ግርጌ፣ በወረቀቱም ላይ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትቀይሪ ድገሚ፦ «ገንዘብ የምንቀበለው በድርጅቱ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ፣ ውል ከተፈረመ በኋላ ብቻ ነው፤ በግለሰብ ስም አንቀበልም።» የስልክ ቁጥሮቹም በወረቀቱና በስልኩ አንድ ይሁኑ፤ እናት ከወረቀቱ ቁጥሩን አንብባ ልጇ ከቻናሉ ጋር ልታመሳክረው ትችላለች።

መርሐ ግብሩን በአጭሩ፦ የተፈረመበት ጽሑፍ ታኅሣሥ 20 ማተሚያ ቤት ይግባ፣ ገና ሳይደርስ ይውጣ። ረጅሙ ቪዲዮ ከገና በኋላ ወዲያው ይለቀቅ። ወረቀቱ ከጥር 5 እስከ 13 ይታደል፤ ከዚያ ቀድሞ ከታደለ ይረሳል። ጥር 14 እና 15 በስልክ ማስታወሻ ብቻ።

6. ደላላውን አትዝለዪ

ደሴ ላይ ቤት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ደላላ ነው። ከቀኑ በፊት የሰፈሩን ደላሎች ጠርተሽ ያንን አንድ ገጽ ስጪያቸው፣ ኮሚሽኑንም በግልጽ ንገሪያቸው። ካልጠራሻቸው ዋጋውን ራሳቸው ፈጥረው ያወራሉ።

7. የጉብኝቱ ዕለት

በሩ ላይ የምትቆመው ልጅ ወረቀቱን ትቀበል፣ የማኅተሙን ቀለም ትመዝግብ፣ ወረቀት ያልያዘውን «ከየት ሰሙ?» ትበል። ስምና ስልክ ስትወስድ ለምን እንደምትወስድ ትናገር፣ ፈቃድም ትጠይቅ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና የሰው ስልክ ቁጥር ሰብስቦ ለሌላ ነጋዴ መስጠት ከእንግዲህ ነውር ብቻ አይደለም። ቀጥላ በትሕትና «በስልክ ልናሳየው የሚገባ ዘመድ ውጭ አለ?» ብላ ትጠይቅ። «ማነው የሚከፍለው?» አይባልም፤ አባትየውን በልጁ ፊት ያሳንሰዋል።

አለ ካሉ ያንን ቤተሰብ ለብቻው ውሰጂ። ሕንጻው ውስጥ ኔትወርኩ የት እንደሚይዝ ከቀኑ በፊት በየክፍሉ ዞረሽ እዪ፤ ወፍራም ግድግዳና መሐል ላይ ያለ ኮሪደር ጥሪውን ይቆርጣል። የሚይዘው ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ብቻ ከሆነ ጥሪውን እዚያ ጀምሪ። በአንዳንድ የገልፍ አገሮች የዋትስአፕ ጥሪ ስለሚታገድ ጥሪው እምቢ ካለ ክርክር ውስጥ አትግቢ፤ አስጎብኚው በቤተሰቡ ስልክ፣ እናትየው እየተናገረች፣ የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ይቅረጽላቸው። ልጅቱ የማታውቀውን አስጎብኚ ከምትሰማ «ልጄ፣ ወጥ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ደረጃው ግን ለጉልበቴ ይከብዳል» የምትለውን እናቷን ብትሰማ ይሻላል። ያ ቅሬታ ምናልባት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን ቤት ያሸጥልሻል።

ቡና ይፈላ፣ መቀመጫ ይብዛ፣ ለአዛውንት መጸዳጃው ክፍት ይሁን። በዕለቱ ቀብድ አትቀበዪ። የወደዱት ቤት ካለ የቤቱ ቁጥር፣ ዋጋውና «እስከ ሐሙስ ተይዞልዎታል» የሚል የተፈረመ ወረቀት ስጪና ሸኚ። ማታ ከውጭ ካለው ዘመድ ጋር ተነጋግሮ የሚመለስ ሰው ውሉን አያፈርስም።

8. ከቀኑ በኋላ

እሑድ ዕረፊ። ሰኞ መዝገቡን አውጥተሽ ቁጠሪ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ያለ ወረቀት የመጣ፣ ደላላ ያመጣው፤ ከእያንዳንዱ ስንት ቤተሰብ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የማቆያ ወረቀት ወሰደ። ለምሳሌ ቀይ ማኅተም ካላቸው 300 ወረቀቶች አራት ቤተሰብ መጥቶ ሦስቱ ቤት አስይዘው፣ ሰማያዊ ካላቸው 400 ወረቀቶች ደግሞ ሃያ ቤተሰብ መጥቶ አንዱ ብቻ ካስያዘ፣ ኮምቦልቻ ጥቂት ሰው አመጣ ብለሽ አትቁረጪ፤ ለቀጣዩ ቀን የምትጨምሪው እዚያ ነው። የቪዲዮውን ተመልካች ብዛት ከዚህ ጋር አታደባልቂው። ሃያ ሺህ ሰው አይቶት አንድም ቤተሰብ «በቲክቶክ አይቼ» ብሎ በር ላይ ካልተናገረ፣ ያ ቪዲዮ ለቤቱ ሥራ አልሠራም።

እስከ ሐሙስ ድረስ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ጊዜ ብቻ ደውዪ፤ ውጭ ያለው ዘመድ ያነሣውን ጥያቄ ጠይቀሽ ጻፊ። ያልገዙትም ለምን እንዳልገዙ ይንገሩሽ። ካሬው ነው? ዋጋው ነው? ሊፍቱ ነው? የካርታው ስም ነው? መልሱን ለአለቆችሽ ሳታለዝቢ አቅርቢ።

ለሁለተኛው የጉብኝት ቀን አንድም ወረቀት ከማሳተምሽ በፊት ይህን መዝገብ ይዘሽልኝ ነይ፣ ቁጭ ብለን አብረን እንየው።